እኩል እንካፈል፤ ከምኑ ላይ?

አንድ የግል ትምህርት ቤት ለመስከረም 300 ኮምባይንድ ዴስክ ማሠራት ይፈልጋል እንበል። የዴስኩ እግርና ማዕቀፍ ከካሬ ብረት የሚበየድ ነው፤ መጻፊያውና መቀመጫው ደግሞ ከእንጨት። ትእዛዙ የደረሰው አምስት በያጆች ላሉት አንድ የብረታ ብረት ሥራ ቤት ነው። ይህ ቤት ብረቱን ይችላል፤ የእንጨት መቁረጫ ማሽን ግን የለውም። ሁለት በር አልፎ ያለው የእንጨት ሥራ ቤት ማሽኑም ባለሙያውም አለው፤ እሱ ደግሞ ብየዳ አያውቅም። ስለዚህ የብረት ቤቱ ባለቤት ለጎረቤቱ ደብዳቤ ሊጽፍ ይቀመጣል። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሳይቸገር ይመጣለታል፦ «ሥራውን በጋራ ሠርተን ትርፉን እኩል እንካፈል።»

በትናንሽ ድርጅቶች መካከል የሚጻፉ የሽርክና ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ከዚህ ዓረፍተ ነገር ብዙም አይርቁም። ጸሐፊው ቅን ነው፤ እኩል ከማለት በላይ ምን ፍትሐዊ ነገር አለ? ችግሩ «እኩል» የሚለው ላይ ሳይሆን «ትርፍ» የሚለው ላይ ነው። ትርፍ የሚባለው ምን ምን ከተቀነሰ በኋላ የሚቀረው ገንዘብ እንደሆነ ካልተጻፈ፣ ሁለቱ ሰዎች የተስማሙት በሁለት የተለያዩ ሒሳቦች ላይ ነው። ገበሬ የእኩል እርሻ ሲዋዋል አስቀድሞ «ዘሩ የማን ነው? ከምርቱ ላይ ተነሥቶ ነው የምንካፈለው ወይስ ሳይነሣ?» ብሎ ይጠይቃል። የከተማው ደብዳቤ ግን ብዙ ጊዜ ይህን ጥያቄ ይዘለዋል።

በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹ ለማሳያ የወሰድኳቸው ናቸው፤ ሁሉም ተጨማሪ እሴት ታክስን አይጨምሩም። ትምህርት ቤቱ ለአንድ ዴስክ 9,000 ብር ይከፍላል፤ ለ300ው 2,700,000 ብር ይሆናል። ለአንድ ዴስክ የብረቱ ዕቃ 3,200፣ የእንጨቱ ዕቃ 1,900 ብር ይፈጃል። የብረት ቤቱ ለሠራተኛ በዴስክ 900 ብር፣ የእንጨት ቤቱ 500 ብር ያወጣል። ማጓጓዣና መግጠሚያ 60,000፣ የባንክ ዋስትናና ልዩ ልዩ ወጪ 30,000 ብር እንያዝ። ዕቃው በጠቅላላ 1,530,000፣ የሠራተኛው 420,000፣ ሌላው 90,000 ነው። ሁሉም ሲቀነስ 660,000 ብር ይቀራል፤ ለሁለት ሲካፈል ለእያንዳንዱ 330,000።

አሁን የእንጨት ቤቱ ባለቤት በሌላ መንገድ አስቦት ነበር እንበል። በእሱ አስተሳሰብ ሠራተኛ የየቤቱ ድርሻ ነው፤ «አንተ ሰውህን ታመጣለህ፣ እኔም ሰዎቼን አመጣለሁ፣ ዕቃና ማጓጓዣ ተቀንሶ የቀረውን እንካፈላለን» ነው ያለው። በዚህ ሒሳብ የሚካፈለው 1,080,000 ብር ይሆናል፤ ለእያንዳንዱ 540,000። የብረት ቤቱ ከዚያ ላይ 270,000 ብር ለበያጆቹ ከፍሎ 270,000 ይቀረዋል። የእንጨት ቤቱ ለአናጢዎቹ 150,000 ከፍሎ 390,000 ይዞ ይሄዳል። ያው «እኩል» የተባለው ቃል 60,000 ብር ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው አዛወረ። ማንም አልዋሸም፣ ማንም አልሰረቀም። ሁለቱ ግን ከዚያ በኋላ ሰላምታ ሊያቆሙ ይችላሉ።

ስለዚህ ሐሳብ ማቅረቢያው ደብዳቤ ከመቶኛው አስቀድሞ ሊናገር የሚገባው የቅነሳውን ቅደም ተከተል ነው። በእኔ እምነት የደብዳቤው ልብ ይህ አንቀጽ ነው፤ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

«ከትምህርት ቤቱ ከሚገባው ገንዘብ ላይ በመጀመሪያ የመንግሥት የሆነው ተጨማሪ እሴት ታክስ ይነሣል። ቀጥሎ ሁለታችንም ለዕቃ መግዣ ያወጣነው ገንዘብ በደረሰኙ ልክ ለየባለቤቱ ይመለሳል። ከዚያ የሠራተኛ ዋጋ፣ ለብረት ሥራ በዴስክ 900 ብር፣ ለእንጨት ሥራ በዴስክ 500 ብር ሆኖ ይከፈላል። የማጓጓዣና የባንክ ወጪ ከተከፈለ በኋላ የሚቀረው ትርፍ ይባላል፤ ትርፉም ኪሳራውም እኩል ይሆናል።»

በዚህ አንቀጽ ውስጥ ዕቃው በደረሰኝ ሲታሰብ የሠራተኛው ዋጋ ግን በቁርጥ መቀመጡ በአጋጣሚ አይደለም። ለሠራተኛ ያወጣሁትን ሁሉ ከጋራው ላይ ልውሰድ ከተባለ፣ አንዱ የሌላውን የደሞዝ መዝገብ መመርመር ይኖርበታል፤ በያጁ ያን ቀን የዴስኩን እግር ነው የበየደው ወይስ የሌላ ደንበኛ በር የሚለው ክርክር ማቆሚያ የለውም። በዴስክ ቁርጥ ዋጋ ከተቀመጠ ግን ሠራተኛውን በሚገባ ያሠራ ቤት ትርፉ የራሱ ነው፣ ያንዛዛም ጉዳቱ የራሱ ነው። ዕቃ ግን ዋጋው በገበያው እጅ ስለሆነ በቁርጥ ማሰሩ አንዱን ያለ ጥፋቱ ይጎዳዋል።

በተለይ ብረት። ከሐምሌ 2016ቱ የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ሥራ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ዋጋ በሳምንት ውስጥ ሊቀየር እንደሚችል ያውቃል። በምሳሌያችን የብረቱ ዕቃ በዴስክ ከ3,200 ወደ 3,900 ብር ቢወጣ፣ ጭማሪው 210,000 ብር ነው፤ ትርፉ ከ660,000 ወደ 450,000 ይወርዳል። ጭማሪው የመጣው ገበያው ስለዘለለ ከሆነ ለሁለቱም መሆኑ ተገቢ ነው። ነገር ግን የብረት ቤቱ ቅድሚያ ክፍያው በእጁ እያለ ለአንድ ወር ሳይገዛ ቆይቶ ከሆነስ? እዚህ ላይ ደብዳቤው አንድ ዓረፍተ ነገር ቢጨምር ብዙ ያድናል፦ «ቅድሚያ ክፍያው ከገባ በሰባት ቀን ውስጥ ሙሉው ብረት ይገዛል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣ የዋጋ ጭማሪ ለመግዛት ኃላፊነቱን የወሰደው ቤት ይሆናል።» ለእንጨቱም እንዲሁ።

ቅድሚያ ክፍያ ካልን ገንዘቡ ራሱ እንደማይበቃ እናስተውል። ትምህርት ቤቱ 30 በመቶ ቢሰጥ 810,000 ብር ነው፤ ዕቃው የሚፈልገው 1,530,000። የጎደለውን 720,000 ብር ከየት እናመጣለን የሚለው በደብዳቤው ውስጥ ስሙ መጠራት አለበት፦ የብረት ቤቱ 300,000፣ የእንጨት ቤቱ 420,000 ያስገባል ተብሎ። ብዙ ያስገባው ቤት ለገንዘቡ ተጨማሪ ነገር የሚጠብቅ ከሆነ አሁን ይናገር፤ የሚጠብቅ ካልሆነ «ያስገባነው ገንዘብ ከትርፍ ክፍፍል በፊት ያለ ጭማሪ ለየባለቤቱ ይመለሳል» ይበል። ሌላ የማይታይ መዋጮም አለ። ትምህርት ቤቱ ቅድሚያ ክፍያውን የሚለቀው የባንክ ዋስትና ሲቀርብለት ሊሆን ይችላል፤ ባንኩ ደግሞ ለዋስትናው መያዣ ይጠይቃል። ቤቱን ወይም መኪናውን ለመያዣ ያቀረበው ሰው ጥሬ ገንዘብ ባያወጣም ከሁሉ የከበደውን አደጋ የተሸከመው እሱ ነው። ሥራው ቢበላሽ ባንኩ የሚያውቀው እሱን ብቻ ነውና፣ የሌላኛው ቤት ግማሹን ለእሱ ለመተካት የገባው ቃል በደብዳቤው መስፈር ይኖርበታል።

ወደ ኃላፊነት ስንመጣ «ብረቱን እናንተ፣ እንጨቱን እኛ» የሚለው ክፍፍል ግልጽ ይመስላል። ጭቅጭቁ የሚነሣው ግን ብረቱና እንጨቱ በሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው። የዴስኩ መጻፊያ በማዕቀፉ ላይ በብሎን ይታሰራል። ብረቱ ላይ ያለው ቀዳዳና እንጨቱ ላይ ያለው ቀዳዳ በአምስት ሚሊ ሜትር ቢተላለፉ ብሎኑ አይገባም። 300 ማዕቀፍ ተበይዶና ቀለም ተቀብቶ ካለቀ በኋላ ይህ ቢታወቅ ጥፋቱ የማን ነው? የብረት ቤቱ «ልኩን የሰጣችሁኝ እናንተ ናችሁ» ይላል፤ የእንጨት ቤቱ «እኛ የሰጠነው ትክክል ነበር» ይላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከማንኛውም ሥራ በፊት አንድ ዴስክ ከነብሎኑ ሙሉ በሙሉ ይሠራል፣ ትምህርት ቤቱ አይቶ ይቀበለዋል፣ ሁለቱም ቤቶች ከሥሩ ይፈርሙበታል፣ ያ ናሙና እስከ መጨረሻው ሳይነካ ይቀመጣል። ደብዳቤው «ከናሙናው ልክ የወጣውን ክፍል የሠራው ቤት በራሱ ወጪ ያስተካክላል» ካለ ክርክሩ በሜትር ይፈታል።

ጊዜም እንዲሁ ነው። ገጣሚው የእንጨት ቤቱ ስለሆነ፣ ብረቱ ሲዘገይ የሚዘገየው እሱ ይመስላል። ከትምህርት ቤቱ ጋር በሚደረገው ውል ለዘገየ ቀን ከጠቅላላው ዋጋ ከሺህ አንድ ቅጣት ቢኖር በቀን 2,700 ብር ነው፤ አሥር ቀን ቢዘገይ 27,000። ማን እንደሚከፍል ለማወቅ ሌላ ጥበብ አያስፈልግም፤ ብረቱ በስንት ቀን ስንት ሆኖ እንደተረከበ የሚያሳይ፣ ቀንና ፊርማ ያለበት የርክክብ ቅጽ ይበቃል። ደብዳቤው «ብረት በየሳምንቱ ሰኞ 50፣ 50 ማዕቀፍ ሆኖ በርክክብ ቅጽ ይሰጣል» ይበል። መብራት ጠፍቶ ብየዳው ቢቆም ግን የማንም ጥፋት አይደለም፤ የእንዲህ ዓይነቱ ቅጣት በጋራው ላይ ይሁን ተብሎ ቢጻፍ ይሻላል። መብራት እንደሚጠፋ ሁሉም ያውቃል፤ በደብዳቤ የሚጽፈው ግን ጥቂት ነው።

ስለ ጥቃቅኑም አንድ ነገር ልበል። ካሬ ብረት በስድስት ሜትር ዘንግ ይሸጣል፤ ለዴስኩ ሲቆረጥ ከእያንዳንዱ ዘንግ ጫፍ ቁራጭ ይተርፋል። ከሦስት መቶ ዴስክ በኋላ ያ ቁርጥራጭ ክምር ሆኖ የብረት ቤቱ ጥግ ይቀመጣል፤ ከጋራ ገንዘብ የተገዛ ስለሆነ የሁለቱም ነው። የተረፈው ኤምዲኤፍም እንዲሁ። «ቁርጥራጭ ተሽጦ ወደ ጋራው ሒሳብ ይገባል» የሚል አንድ መስመር ይኑር። የገንዘቡ መጠን ትንሽ ነው፤ ሰው ግን ከትልቁ ይልቅ በእንዲህ ያለው ይቀያየማል።

ገንዘቡ የት ይቀመጥ? እዚህ ላይ ሕጉን ማወቅ ይጠቅማል። በንግድ ሕጋችን እንዲህ ያለው ሽርክና «የእሽሙር ማኅበር» ይባላል፤ ከ1952ቱ ሕግ ጀምሮ የነበረ ሲሆን፣ በ2013 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1243ም አስቀጥሎታል። ከሌሎቹ ማኅበራት የሚለየው የራሱ የሆነ ሕጋዊ ሰውነት የሌለው መሆኑ ነው። በንግድ መዝገብ አይመዘገብም፤ የሚኖረው በተዋዋዮቹ መካከል ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ የሚፈራረመው ከሁለቱ ከአንዱ ጋር ነው፤ በምሳሌያችን ከብረት ቤቱ ጋር። በትምህርት ቤቱ ፊት ተጠያቂውም እሱ ነው። በአንጻሩ ሁለቱ ስማቸውን በአንድ ማኅተም ወይም በአንድ ደረሰኝ ላይ አድርገው በአደባባይ መሥራት ከጀመሩ፣ በሌሎች ሰዎች ፊት እንደ ግልጽ ሽርክና ሊታዩና የአንዱ ዕዳ ሌላውን ሊይዝ ይችላል። ይህን ካልፈለጉ እያንዳንዱ በራሱ ስምና ማኅተም ይሥራ።

ከዚህ የሚከተለው ነገር የግብር ጉዳይ ነው፤ ብዙዎች የሚያስቡት ዓመቱ ካለቀ በኋላ ነው። ውሉን የፈረመውና ደረሰኝ የቆረጠው የብረት ቤቱ ስለሆነ፣ በግብር መሥሪያ ቤቱ ዓይን 2,700,000 ብሩ ሁሉ የእሱ ገቢ ነው። ለእንጨት ቤቱ የሰጠውን ድርሻ ወጪ አድርጎ ማሳየት የሚችለው የእንጨት ቤቱ በራሱ ሕጋዊ ደረሰኝ ከጠየቀው ብቻ ነው። ደረሰኝ ከሌለ የብረት ቤቱ በጎረቤቱ ትርፍ ላይ ጭምር ግብር ይከፍላል። ትምህርት ቤቱ ከክፍያው ላይ ቀንሶ የሚያስቀረው ቅድመ ግብርም የሚመዘገበው በብረት ቤቱ ስም ነው፤ ቀድሞ የተከፈለ የራሱ ግብር ሆኖ ስለሚታሰብለት ከጋራው ወጪ ውስጥ መግባት የለበትም። ስለዚህ ደብዳቤው «የእንጨት ሥራ ቤቱ የሚደርሰውን ክፍያ ሁሉ በሕጋዊ ደረሰኝ ይጠይቃል» የሚል ቃል ይኑረው። ገንዘቡም በብረት ቤቱ ስም ለዚህ ሥራ ብቻ በሚከፈት ሒሳብ ይግባ፤ ያለ ሁለቱም ቤቶች ተወካይ ፊርማ አይውጣ።

ኪሳራን መጻፍ ብዙ ሰው ይፈራል፤ ሟርት ይመስለዋል። ነገር ግን ትርፉን ሁሉ ለአንዱ የሚሰጥ ወይም አንዱን ሸሪክ ከኪሳራ ፈጽሞ ነፃ የሚያደርግ ስምምነት በሽርክና ሕግ ዘንድ ቦታ የለውም፤ ትርፍ የሚካፈል ኪሳራም ይካፈላል። ደብዳቤው መጠኑን ቢወስን ግን መልካም ነው፤ «ኪሳራው ከ200,000 ብር በላይ እንደሚሆን የታወቀ ዕለት ሥራው ቆሞ እንነጋገራለን» ቢል ሁለቱም ሳይደነግጡ ወንበር ስበው ይቀመጣሉ።

የመጨረሻው ክፍያም ወዲያው አያልቅም። ትምህርት ቤቱ ለስድስት ወር ዋስትና 5 በመቶ ቢይዝ 135,000 ብር ነው። በዚያ ጊዜ ብየዳ ከለቀቀ የብረት ቤቱ ይበይዳል፤ የጠርዝ ልጣፍ ከተነሣ የእንጨት ቤቱ ይለጥፋል። ብሎን የላላ እንደሆነ ግን የገጠመው ቤት ያጠብቃል። የመጨረሻው ሒሳብ የተያዘው ገንዘብ በተለቀቀ በ15 ቀን ውስጥ ይዘጋ።

ይህን ሁሉ ለጎረቤት መጻፍ ይሉኝታ ያለበት ነገር ነው። «ከወንድሜ ጋር ይህን ያህል ወረቀት?» ይላል ሰው። የደብዳቤው አከፋፈት ይህን ሊያለዝብ ይችላል፦ «ጋሽዬ፣ ከእርስዎ ጋር ለመሥራት ስለምፈልግ፣ ኋላ በሒሳብ ምክንያት እንዳንቀያየም ሐሳቤን አስቀድሜ በዝርዝር አቅርቤያለሁ፤ ያልተመቸዎት ካለ በቀይ እስኪርቢቶ ያርሙልኝ።» ሽማግሌውን በክብር የጠራ፣ እርማት የጠየቀ ደብዳቤ አይከፋም። መልሶ ሲመጣም ቀይ ምልክት ያለበት ቢሆን ደስ ይበላችሁ፤ አንብቦታል ማለት ነው።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን የተሟላ ሐሳብ ያቀረበና ለመልስ ቀን የቆረጠ ሰው ያ ቀን እስኪያልፍ በቃሉ ይያዛል፤ ሌላው ወገን ተቀብያለሁ ካለ ውል ተደርጓል። ገና ከትምህርት ቤቱ ጋር ካልተፈራረማችሁ «ይህ ደብዳቤ የውይይት መነሻ ነው፤ ውል እስክንፈርም ማናችንንም አያስገድድም» ብላችሁ ጻፉ። የመልስ ቀንም አስቀምጡ። ቀኑ ሲያልፍ ጎረቤታችሁ ዝም ካለ እንደተቀበለ አትቁጠሩት፤ ሕጉም ዝምታን መቀበል አይለውም። ከተስማማችሁም የእሽሙር ማኅበር በጽሑፍ ባይሆንም ሕጉ ይቀበለዋልና አያስፈልግም ብላችሁ አትተዉት፤ ደብዳቤውን ወደ ውል ቀይራችሁ በሁለት ምስክሮች ፊት ፈርሙ፣ አንድ አንድ ቅጂም ያዙ።

ደብዳቤውን ከመላካችሁ በፊት ግን በገዛ ቁጥራችሁ ሒሳቡን ሁለት ጊዜ ሥሩት፤ አንድ ጊዜ ሁሉ በታሰበው መሠረት ሲሄድ፣ አንድ ጊዜ ብረት ተወድዶና ሥራው አሥር ቀን ዘግይቶ። በሁለተኛው ሒሳብ ለጎረቤታችሁ የሚደርሰው ገንዘብ ይህን ያህል ለመልፋት የማያበቃው ከሆነ፣ ሐሳቡን ሳትቀይሩ አትላኩለት።